የጠዋቱን ጩኸት የተካው ካርድ፦ ትኩረቱ ለሚበታተን የአንደኛ ክፍል ልጄ የሠራሁት የሥዕል ፕሮግራም

ልጄ አንደኛ ክፍል የገባው በሰባት ዓመቱ ነው። ፊደል ይለያል፣ ይቆጥራል፣ ወሬ ይወዳል፣ ያየውን ሁሉ ይጠይቃል። የጀመረውን መጨረስ ግን አልሆነለትም። «ሸሚዝህን ልበስ» ብዬው ማድ ቤት ደርሼ ስመለስ አንድ እጁ እጅጌው ውስጥ ገብቶ፣ በሌላው እጁ የመጫወቻ መኪና ሲነዳ አገኘዋለሁ። ቁርስ ላይ ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ በመስኮት ድመት ሲያይ ይፈዛል። ከትምህርት ቤት በሚመጣው የመገናኛ ደብተር ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ «የክፍል ሥራ አልጨረሰም»። ዘመድ «ቀዥቃዣ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ጎረቤት «ቆንጠጥ አድርጊው» ይላል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ልጅ ላላችሁ ነው። የቀኑን ሥራ በሥዕል ካርድ እንዴት እንዳዘጋጀንለት፣ የቱ ጋ እንደተበላሸና ምን እንዳስተካከለው እነግራችኋለሁ። ካርዱን መሥራት ቀላል ነው። የሚከብደው አጠቃቀሙ ነው፤ ብዙ ወላጅ ሞክሮ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወውም እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመረመርን። በደንብ የማይሰማ ወይም ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ከሩቅ ሲያዩት ልክ እንደ ፈዛዛ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ካርድ መፍትሔ አይሆንም። እንቅልፉንም አየን። ማታ አራት ሰዓት ድረስ ቴሌቪዥን ፊት የሚቆይ ልጅ ጠዋት ላይ ቢፈዝ አይገርምም። የእኛ ልጅ ዓይኑም ጆሮውም ደህና ነበር፤ የመኝታ ሰዓቱን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል መለስነው። ጥቂት ለውጥ መጣ፤ ዋናው ችግር ግን አልተነቃነቀም።

የሥዕል ፕሮግራም የሚባል ነገር እንዳለ ከአንዲት ወዳጄ ሰምቼ በዚያው ሳምንት ሠራሁ። ከስልኬ ላይ ያማሩ የካርቱን ሥዕሎች ፈልጌ አወረድኩ። ከመነሳት እስከ መተኛት ያለውን የቀን ሥራ ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ከፍዬ፣ በባለቀለም አሳተምኩና ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ አደነቀው። ልጄ ግን ሁለት ቀን ያህል አይቶት ረሳው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የምጠቀምበት እኔ ብቻ ሆንኩ፤ በጣቴ እየጠቆምኩ «እዚህ ላይ ምን ይላል? አላየኸውም?» እያልኩ እቆጣበት ነበር።

መንገዱን ያስተካከሉልኝ የወዳጄን ልጅ ያስተምሩ የነበሩ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ናቸው። ወረቀቱን በስልክ ሳሳያቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «እሱ ምን ያደርግበታል?» የሚል ነበር። መልስ አልነበረኝም። ልጁ የሚነካው፣ የሚያነሳው፣ የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለውም። ቁመቱ የሚደርስበትም አይደለም። ሥዕሉ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት የእኛን አይመስልም። ደግሞም ሰባት ቀን በአንድ ላይ ተደርድሮ፣ ዛሬ የቱ ጋ እንደሆነ እንዲያገኝ የሚጠበቀው ገና የሳምንቱን ቀናት በቅደም ተከተል መጥራት የሚያዳግተው ልጅ ነው።

እኚሁ መምህርት የነገሩኝ ሌላው ነገር፣ እኔ ስናገር ቃሉ ወዲያው የሚጠፋ መሆኑን ነው። «ታጠብ፣ ልበስ፣ ቁርስህን ብላ፣ ቦርሳህን ያዝ» ስለው፣ ትኩረቱ የሚበታተን ልጅ የመጀመሪያዋን ይዞ ሲሄድ የቀሩት ከአእምሮው ይወጣሉ። ሥዕል ግን ግድግዳው ላይ ይጠብቀዋል። መንገድ ላይ ሐሳቡ ቢሄድ እንኳ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል። ዘዴው በሰፊው የታወቀው ለኦቲዝም ልጆች ነው፤ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለርና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ) ባሳደጉት የማስተማሪያ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። «የእኔ ልጅ ኦቲዝም የለበትም፣ ለምን ካርድ እሰጠዋለሁ?» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። የሚጠቅመው ግን ቅደም ተከተል በቃል መያዝ ለሚያቅተው ልጅ ሁሉ ነው፤ ኦቲዝም ኖረበትም አልኖረበትም።

ከዚያ መምህርቷ የቤት ሥራ ሰጡኝ። ካርድ ከመሥራቴ በፊት ጥቂት ጠዋቶች ምንም ሳልረዳው እንድመለከተውና የሚጠፋበትን ቦታ እንድጽፍ ነገሩኝ። ይህ ምክር ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ እናንተም እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ። እኔ «አለባበስ ያቅተዋል» ብዬ ነበር የማስበው። ስመለከተው ግን ሱሪውንና ሸሚዙን ያለ ችግር ይለብሳል። የሚጠፋው ካልሲ ፍለጋ ሲሄድ ነው። ካልሲው ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ካለ መሳቢያ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በመጫወቻዎቹ በኩል ያልፋል፤ ከመጫወቻዎቹ ደግሞ አይመለስም። ጥርስ መቦረሽ ላይም እንዲሁ ነበር። ብሩሹን ይዞ ቧንቧውን ሲከፍት ውኃ የለም፤ ጆግ ፍለጋ ማድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ እህቱን ያገኛል፤ ጨዋታ ይጀመራል። ልጄ ሥራ ሲሠራ አይጠፋም ነበር። የሚጠፋው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስተካከልኩት ካርዱን ሳይሆን ቤቱን ነው። ዩኒፎርሙ ማታ በሚለበስበት ቅደም ተከተል አልጋው እግር ሥር ይቀመጣል፤ ካልሲው ጫማው ውስጥ ይገባል። መታጠቢያው ጋ ውኃ የተሞላ ጆግ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ቧንቧ መጣም ቀረም ለእሱ ለውጥ የለውም። መጫወቻዎቹ ከማታ ጀምሮ በክዳን ተዘግተው ያድራሉ። ካርድ ልጁን ወደ አንድ ቦታ ይልከዋል፤ የሚያስፈልገው ነገር እዚያ ከሌለ ግን ልጁን መልሰን ለፍለጋ እንዳሰማራነው ይቆጠራል።

ከዚያ ካርዶቹን ሠራን። ፎቶዎቹን በራሳችን ቤት በስልክ አነሳሁ። በመጀመሪያዎቹ ላይ እሱ ራሱ ነበረበት፤ ካርዱን ባየ ቁጥር በፊቱና በአቋሙ እየሳቀ ቆመ። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ፣ ነጭ አንሶላ ላይ አድርጌ፣ ሌላ ምንም ሳይታይ አነሳሁት፤ የእሱ ፎጣና ጆግ፣ የእሱ ሸሚዝና ሱሪ፣ የእሱ የቁርስ ሳህን፣ የእሱ ብሩሽ፣ ካልሲ የገባበት ጫማው፣ ቦርሳው። አንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ስፋቱ ወደ ስምንት ሴንቲ ሜትር በስምንት ነው፤ ስድስቱ በአንድ ኤፎር ወረቀት ላይ ይገባሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አሳትሜ ላሚኔት አስደረግኩት። ላሚኔት ካላገኛችሁ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ውስጡን በሚያሳይ ሰፊ ፕላስተር ሁለቱንም ፊት ሸፍኑት፤ ውኃ ይችላል። ከሥዕሉ ሥር ቃሉን በትልልቁ ጻፍኩበት፤ «ጫማ»፣ «ቦርሳ»። ፊደል ለሚማር ልጅ ይህ ሳያስበው የሚያነበው ንባብ ነው።

ለመስቀያው አንድ ረጅም ካርቶን ቆርጬ ጨርቅ አለበስኩት። የልጆች ጫማ ላይ ያለውን፣ ሲስቡት ጠርር የሚለውን የሚጣበቅ ጨርቅ ከልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫ ገዝቼ ግማሹን መስቀያው ላይ፣ ግማሹን ካርዶቹ ጀርባ ላይ ለጠፍኩ። ያን ካላገኛችሁ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫና ሲባጎ ይበቃል። ካርዶቹ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። ከሥር ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው የጫማ ካርቶን አለ፤ ስሙ «አለቀ» ነው። ሥራው ሲያልቅ ልጁ ራሱ ካርዱን ነቅሎ እዚያ ይጨምራል። መስቀያውን በእሱ ዓይን ቁመት፣ ከመኝታ ክፍሉ ወደ መታጠቢያው በሚወስደው በር አጠገብ ሰቀልነው።

ይቺ መንቀል ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለእኔ ግን የጠቅላላው ሥራ ልብ እሷ ናት። ትኩረቱ የሚበታተን ልጅ የሠራውን ከቀረው አይለይም፤ ጠዋቱ በሙሉ ማለቂያ የሌለው ትእዛዝ ይሆንበታል። ካርዶቹ ከስድስት አምስት፣ ከአምስት አራት እያሉ ሲያንሱ መጨረሻው በዓይኑ ይታየዋል። ለዚያም ነው የመጨረሻው ካርድ እሱ የሚወደው መሆን ያለበት። የእኛ የመጨረሻ ካርድ ኳስ ናት። ሰርቪስ የሚመጣው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከጨረሰ ቀሪው ደቂቃ ግቢ ውስጥ የኳስ ነው። ከረሜላ ወይም ገንዘብ አላስፈለገንም።

ስድስቱንም በአንድ ቀን አልጀመርንም። መምህርቷ ከመጨረሻው እንድንጀምር ነገሩኝ። መጀመሪያ የተሰቀሉት ጫማ፣ ቦርሳና ኳስ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ያለውን እንደ ድሮው እየረዳሁት ሄድን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ደርሶ ኳሷን ያገኛል። ከላይ ብንጀምር ኖሮ ኳሱ ጋ ሳይደርስ ሰርቪሱ ይመጣ ነበር። ሦስቱን ያለ ጉትጎታ ሲሠራ ጥርስን ጨመርን፣ ከዚያ ቁርስን፣ እንዲህ እያልን ወደ ላይ ወጣን።

አሁን የከበደኝን ልንገራችሁ፤ ዝምታው ነው። የካርድ ሕጉ አንድ ነው፤ ካርድ ካለ አፍ የለም። ልጁ ሲፈዝ «ቀጥሎ ምንድን ነው?» እንኳ ማለት አይቻልም። ከኋላው ቀስ ብዬ እመጣለሁ፣ ትከሻውን ነካ አድርጌ ወደ መስቀያው አዞረዋለሁ፣ በጣቴ ካርዱን አሳየዋለሁ፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ሰርቪሱ ሊመጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ዝም ብሎ አሥር መቁጠር እናት ለሆነ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። ግን እኔ ከተናገርኩ ልጁ ካርዱን ሳይሆን ድምፄን መጠበቅ ይለምዳል። ካርዱ ያን ጊዜ ጌጥ ይሆናል። ቀስ በቀስ መንካቱን ትቼ መጠቆም ብቻ፣ ከዚያ መጠቆሙንም ትቼ በሩ አጠገብ መቆም ብቻ አደረግኩ። አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ማንም ሳያዞረው ቀጥ ብሎ ወደ መስቀያው ሲሄድ አየሁት። ካርዱ እንደያዘ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ልጁ ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ ካርዱ ሲመለከት።

ሲሳካለት ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ማንም ሳይነግርህ ወደ ካርዱ ሄድክ» በሉት። ያደረገውን ስትነግሩት ነገም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ሁለት ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። ልጁ ስላጠፋ የኳሱን ካርድ አትንቀሉበት፤ ስለፈጠነም ሌላ ሥራ አትጨምሩበት። ባለቤቴ አንድ ቀን ልጁ በጊዜ ጨርሶ ሲያይ ደስ ብሎት «በል እንግዲህ አልጋህንም አንጥፍ» አለው። በማግስቱ ልጁ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያንቀራፈፈ ነቀለ። መፍጠን ሥራ እንደሚያበዛ ገብቶታል። መተማመኑ እስኪመለስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብን።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ መጀመሪያ ላይ አልተቀበለችውም። «ልጄ፣ እናንተን ያሳደግኩት በሥዕል ነው?» አለችኝ። እኔ በሥራ ምክንያት በጠዋት የምወጣባቸው ቀናት ስላሉ ግን የግዷን ያዘችው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለእሷ ወረቀት ላይ «እንዲህ አድርጊ» ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ካርዱን ግን ከልጁ እኩል ታነበዋለች። እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ተጠቀመችበት፤ ተፈጥሮዋ ዝግ ያለ ስለሆነ አታጣድፈውም። ልጁን የሚይዘው ሰው ሲቀያየር ሥርዓቱ እንዳይቀያየር ያደረገው ይህ ነው፤ በእኔም በእማዬም በአባቱም ቀን ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ካርድ ሲበላሽም ምልክት ይሰጣል። በየቀኑ አንዱ ካርድ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ልጁን ሳይሆን ያን ካርድ መርምሩ። ወይ ሥራው ለአንድ ካርድ ይበዛል፣ ወይ ዕቃው ቦታው ላይ የለም፣ ወይ ልጁ የሚጠላው ነገር አለበት። የእኛ «ሸሚዝና ሱሪ» ካርድ ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሄዶ በድንገት ቆመ። ስናየው አዲስ የተገዛው ሸሚዝ አንገቱ ላይ ያለው ምልክት ቆዳውን ይፍቀዋል። ምልክቱን በመቀስ ቆረጥነው፤ ካርዱ እንደገና መሄድ ጀመረ።

የቀኑ ፕሮግራም ሲቀየር የሚናደድ ልጅ ካላችሁ ዙሪያው ቢጫ የሆነ አንድ ባዶ ካርድ አዘጋጁ። ሐኪም ቤት ሲኖር፣ ሰርቪስ ቀርቶ በታክሲ ስንሄድ፣ በዓል ሲሆን በዚያ ካርድ ላይ በማርከር ትንሽ ሥዕል እስልና ማታ ከመተኛቱ በፊት እሱ ራሱ ቦታው ላይ እንዲለጥፈው አደርጋለሁ። ጠዋት ሲያየው አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ወደ ቤት ሥራው ስንመጣ ረጅሙ መስቀያ አልሠራም። ከሰዓት በኋላ ልጁ ደክሞታል፤ የካርዶቹን ብዛት ሲያይ ያለቅሳል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ብቻ ያላት ትንሽ ካርቶን ሠራን፤ በግራ «መጀመሪያ»፣ በቀኝ «ከዚያ»። ከትምህርት ቤት ሲመጣ መክሰሱን በልቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ግቢ ውስጥ ይሮጣል። ከዚያ ስንቀመጥ መጀመሪያ፦ የአማርኛ ደብተር፤ ከዚያ፦ ገመድ ዝላይ። ይህ ሲያልቅ እቀይረዋለሁ፤ መጀመሪያ፦ ሒሳብ፤ ከዚያ፦ ውኃ የሞላውን የሁለት ሊትር ጠርሙስ ከማድ ቤት ለእማማ ማምጣት። ይህ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚቆየው በመሐል ሰውነቱ ሲሠራ ነው፤ ከባድ ነገር ማንሳት ወይም መዝለል ከዕረፍት ይልቅ ያረጋጋዋል። ስልክና ቴሌቪዥን ግን በመሐል ላይ አናስገባም፤ ከእነሱ መልሶ ማምጣቱ ከቤት ሥራው ይብሳል።

ገጹንም እንከፍለዋለን። ሙሉ መስመር የፊደል ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ስሰጠው እርሳሱን ማኘክ ይጀምር ነበር። አሁን የማይሠራውን ግማሽ በነጭ ወረቀት እሸፍናለሁ፤ የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሰዓት ማንበብ ስለማይችል ጊዜውንም በዓይኑ እንዲያየው አደረግን። የግድግዳ ሰዓታችንን መስታወት ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር የአሥር ደቂቃውን ቦታ ቀይ እቀባለሁ፤ ረጅሙ ዘንግ ቀዩን እስኪጨርስ ይሠራል። ሲያልቅ በጨርቅ ይጠፋል። የስልክ ደወል ሞክረን ነበር፤ ልጁ ደወሉን እየጠበቀ ስልኩን ብቻ ያይ ነበር። አሥር ደቂቃ የጀመርነው በልኩ ነው። እናንተ የራሳችሁን ልጅ ሳይፈዝ የሚቆይበትን ጊዜ ለክታችሁ ከዚያ ትንሽ ባነሰ ጀምሩ፤ አራት ደቂቃ ከሆነም አራት ይሁን።

ትምህርት ቤቱን በመጨረሻ ነው የጠየቅኩት፤ ቤት የሠራውን ይዤ መሄድ ስለፈለግኩ ነው። የክፍል መምህርቱ ወጣት ናት፤ ብዙ ልጆች አሉባት። ካርዶቹን ሳሳያት በጥሞና አየቻቸውና «ደስ ይላል፤ ግን ለእሱ ብቻ ብሰጠው ሁሉም ‘ቲቸር ለኔስ’ ይሉኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተነጋግረን ሁለት ነገር ላይ ተስማማን። አንደኛው ለክፍሉ በሙሉ ነው፤ ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ላይ የቀኑን ክፍለ ጊዜዎች በትንንሽ ሥዕል ትደረድራለች፤ ለአማርኛ «ሀ»፣ ለሒሳብ የመደመር ምልክት፣ ለምሳ ሳህን፣ ለስፖርት ኳስ። አንዱ ሲያልቅ ተራ የደረሰው ልጅ ወጥቶ ያጠፋዋል። «ቲቸር፣ ምሳ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከክፍሉ እንደቀነሰ በኋላ ነገረችኝ።

ሁለተኛው ለልጄ ብቻ ነው፤ ማንም የማያስተውለው። ጣት የምታህል ወረቀት ላይ አራት ሥዕል ስዬ ዴስኩ ላይ በፕላስተር ለጠፍንለት፤ ደብተር፣ ዓይን፣ እርሳስ፣ የተነሳ እጅ። ደብተር አውጣ፣ ሰሌዳውን ተመልከት፣ ጻፍ፣ ስትጨርስ እጅህን አንሳ ማለት ነው። መምህርቷ ስታልፍ ስሙን ሳትጠራ ያለበትን ሥዕል በጣቷ መታ አድርጋ ትሄዳለች። ከዚህ በፊት ስሙ በቀን ውስጥ በክፍሉ ፊት ደጋግሞ ይጠራ ነበር፤ ጓደኞቹም ያንኑ ይዘው ይጠሩት ነበር። ይህ መቅረቱ ብቻ ልጄን ትምህርት ቤት እንዲወድ አደረገው። ፊት ለፊት እንዲቀመጥም ጠየቅኩ፤ ከመስኮትና ከበር የራቀ ቦታ ተሰጠው። መምህር ስታነጋግሩ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሠርታችሁ፣ ፕላስተሩን ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ተማሪ ያላትን መምህር ካርድ እንድትሠራ አትጠይቁ።

ካርድ የማይሠራውንም ማወቅ አለባችሁ። ልጄ ካርድ ስላለው ረጅም ተረት ቁጭ ብሎ አይሰማም፤ ሰው ሲናገር አሁንም ያቋርጣል። ካርዱ የሚረዳው የሚታወቅና በየቀኑ የሚደገም ሥራን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሄድ ነው። ችግሩ በቤትም በትምህርት ቤትም ከታየ፣ ስድስት ወር ካለፈው፣ ትምህርቱንና ጓደኝነቱን ካወከው የሕፃናት ወይም የአእምሮ ሐኪም ይየው። ሐኪም የሚጠይቀው ቀዥቃዣነቱ በአንድ ቦታ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም የሚለውን ነው፤ ያን ጊዜ የጠዋቱን ትዝብት የጻፋችሁበት ወረቀትና የመምህርቷ የመገናኛ ደብተር በጣም ይጠቅማሉ። እኛም ሄደናል፤ ሐኪሙ ክትትሉን እየቀጠለ ካርዱን እንዳንተው መክሮናል።

ሥርዓቱ ሲለመድ ካርዱን ለመጣል ትቸኩላላችሁ። አትጣሉት፤ አሳጥሩት። እኛ ሸሚዝ፣ ሱሪና ጫማን በአንድ የዩኒፎርም ካርድ ተካን፤ ስድስቱ አምስት ሆኑ። ማንበብ ሲጀምር ሥዕሉን አንስተን ቃሉን ብቻ ተውን። በታመመ ወይም ባልተኛ ቀን ቃሉን አልፎት ሲሄድ አየንና የድሮዎቹን ሥዕሎች ለዚያ ቀን መለስናቸው። ስለዚህ የድሮውን ካርድ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ስታሳትሙም ሁለት ሁለት አሳትሙ፤ የጫማው ካርድ አልጋ ሥር ጠፍቶ የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ሲቆም አይተናል።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መስቀያውን ባዶ አናደርገውም፤ ሦስት ካርድ ብቻ እንተዋለን፤ ጥርስ፣ ቁርስ፣ ኳስ። ከዚያ መስከረም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ዩኒፎርሙ እንደተገዛ፣ አዲሱን ጫማና አዲሱን ቦርሳ ነጭ አንሶላ ላይ አድርገን ፎቶ እናነሳለን፤ ካርዱ ላይ ያለው የአምናው ቦርሳ ከሆነ ልጁ የአምናውን ፍለጋ ይሄዳልና።